የወጪ ማስመለሻ ሰርኩላር፦ ቀኑን በምን እንቁረጥ? ልዩ ሁኔታውንስ ለማን እንተው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ድሬዳዋ ውስጥ እሠራበት በነበረ አንድ ድርጅት የወጪ ማስመለሻ ሰርኩላር እንድጽፍ ታዘዝኩ። ግማሽ ገጽ አልሞላም። «ከወሩ መጀመሪያ አንስቶ ደረሰኝ ለሌለው ወጪ ገንዘብ አይተካም» ይላል ባጭሩ። ተፈረመ፣ ማኅተም አረፈበት፣ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

በሳምንቱ ሂሳብ ክፍል በር ላይ ሰልፍ ነበር። ጅግጅጋ ሄዶ የመጣው፣ ሐረር አድሮ የመጣው፣ ደንገጎ ላይ ጎማ የፈነዳበት ሁሉ ቆሟል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «የኔ በአሮጌው ነው በአዲሱ?» ሰርኩላሩ መልስ የለውም። እኔም የለኝም። ሁሉንም ወደ ሥራ አስኪያጁ ላክኋቸው፣ እሱ ደግሞ መልሶ ወደ እኔ ላካቸው።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ሰርኩላር ስጽፍ፣ ወይም ሌላ ሰው የጻፈውን እንዳይ ስጠየቅ፣ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ሦስት ቦታ ላይ ነው። ደንቡ የሚጀምርበት ቀን፣ የሚቀርበው ማስረጃ፣ ልዩ ሁኔታው። በሦስቱም ላይ ከአንድ በላይ መንገድ አለ። ብዙዎቻችን ግን ምርጫ እንዳለን ሳናውቅ የቀድሞውን ደብዳቤ ገልብጠን እንጽፋለን። እስቲ አማራጮቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው።

ቀኑ፦ «ከታኅሣሥ 1 ጀምሮ» ማለት ምን ማለት ነው?

ቀላል ይመስላል። ግን አንድ ወጪ ቢያንስ ሦስት ቀኖች አሉት። ሠራተኛው ለጉዞ የተነሳበት ቀን፣ ገንዘቡ ከኪሱ የወጣበት ቀን፣ ከዚያም ቅጹን ሞልቶ ለሂሳብ ክፍል ያስረከበበት ቀን። ሰርኩላሩ የትኛውን እንደሚይዝ ካልተናገረ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ የሚጠቅመውን ይይዛል። ሂሳብ ሹሟም ለሷ የሚቀላትን ትይዛለች። ጭቅጭቁ የሚወለደው እዚያ ነው።

በቁጥር ብናየው ይሻላል። አንድ ድርጅት እንዲህ ወሰነ እንበል። እስከ አሁን ማንኛውም ወረቀት፣ የቅርብ ኃላፊ ከፈረመበት፣ በቂ ነበር። ከታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ጀምሮ ግን ለሆቴል የድርጅቱ ስምና ቲን ቁጥር ያለበት የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ያስፈልጋል። ለባጃጅ ደግሞ ደረሰኝ ባይኖርም በቅጽ ተሞልቶ በቀን እስከ 150 ብር ይተካል።

አሁን አንድ የሽያጭ ሠራተኛ ሰኞ ኅዳር 29 ከድሬ ወደ ጅግጅጋ ተነሳ። ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ አደረ። ረቡዕ ታኅሣሥ 1 ነው። ሐሙስ ታኅሣሥ 2 የሦስቱን ሌሊት ሂሳብ፣ በሌሊት 1,200 ብር፣ በድምሩ 3,600 ብር ከፍሎ ተመለሰ። ሆቴሉ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ሰጠው። ሠራተኛውም ዝም ብሎ ተቀበለ፤ እስከ ዛሬ ያው ወረቀት ይሠራ ነበራ። ለባጃጅ ሰኞ 150፣ ማክሰኞ 100፣ ረቡዕ 200 ብር ከፍሏል። ጠቅላላው 4,050 ብር። ቅጹን ያስገባው ሰኞ ታኅሣሥ 6 ነው።

ደንቡ ገንዘቡ በወጣበት ቀን የሚቆረጥ ከሆነ፣ የሆቴሉ ክፍያ ታኅሣሥ 2 ስለተፈጸመ በአዲሱ ደንብ ይዳኛል፤ ወረቀቱም ይወድቃል። የሰኞና የማክሰኞ ባጃጅ በአሮጌው ሙሉ ይከፈላል፣ የረቡዕ በ150 ይቆማል። ሰውዬው 400 ብር ይዞ ይወጣል። ግን «ሁለቱን ሌሊት ያደርኩት ደንቡ ሳይጀምር ነው» ብሎ ይከራከራል፣ እውነቱንም ነው። ክርክሩ ተቀባይነት ካገኘ የሁለቱ ሌሊት 2,400 ይጨመርለታል፣ 2,800 ይሆናል። እንግዲህ አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት መልስ ሰጠ ማለት ነው። ሂሳብ ሹሟም አንዱን ጉዞ በሁለት ደንብ ከፋፍላ መሥራት አለባት።

ቅጹ በገባበት ቀን የሚቆረጥ ከሆነ ሥራዋ ይቀላል። ጠረጴዛዋ ላይ የደረሰበትን ቀን ማየት ብቻ ነው። ሠራተኛው ግን ያው 400 ብር ብቻ ያገኛል፤ ሁሉም ነገር በአዲሱ ታየ። ከዚህ የባሰው የሌሎቹ ነው። ኅዳር 20 ከሐረር ተመልሶ ቅጹን ያዘገየ ሰው በማያውቀው ደንብ ይቀጣል። ወሬውን ቀድሞ የሰማ ደግሞ ኅዳር 30 ማታ ያልጨረሰውን ጉዞ ሁሉ አስሞልቶ ያስገባል። በመጨረሻው ቀን የሚመጣውን የወረቀት ክምር ያየ ያውቀዋል።

ጉዞው በተጀመረበት ቀን ከተቆረጠ፣ ሰውዬው የተነሳው ኅዳር 29 ነውና 4,050 ብር ሙሉውን ያገኛል። አንድ ጉዞ፣ አንድ ደንብ። ሲነሳ የሚያውቀው ደንብ ሲመለስም ይሠራል።

እኔ ለጉዞ ወጪ የምመርጠው ይህንን ሦስተኛውን ነው። ድርጅቱ በመጀመሪያው ወር ጥቂት ሺህ ብር ሊያስወጣው ይችላል። ዋጋው እሱ ነው። ግን ደካማ ጎን አለው፣ መደበቅ አያስፈልግም። ለሁለት ወር ፕሮጀክት የወጣ ሰው ሁለት ወር ሙሉ በአሮጌው ደንብ ይኖራል። ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመርበት፦ ጉዞው ቢቀጥልም ከታኅሣሥ 15 በኋላ የወጣ ወጪ በአዲሱ ይታያል። በአሮጌው ደንብ የሚታይ ጥያቄም የመጨረሻ ቀን ይኑረው። ታኅሣሥ 30 ለአብዛኛው ሰው ይበቃል።

ጉዞ ያልሆነ ወጪ ሌላ ነው። ከፊራ ገበያ ወርዶ ገመድና ካርቶን የገዛ ሰው መነሻ ቀን የለውም። እዚያ ገንዘቡ የወጣበት ቀን፣ ማለትም የደረሰኙ ቀን፣ ይበቃል። ቅጹ በገባበት ቀን መቁረጥም ቦታ አለው፤ የተለወጠው ቅጹ ብቻ ሲሆን። «ከዚህ ቀን ጀምሮ በአሮጌው ቅጽ አንቀበልም» ቢባል ማንም ገንዘብ አያጣም፣ እንደገና መሙላት ነው።

የትኛው ታኅሣሥ 1?

ይህ ለእኛ ሀገር ብቻ የተሰጠ ራስ ምታት ነው። ሰርኩላሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል። የማሽን ደረሰኝ በአውሮፓውያን ቀን ይወጣል። በእጅ የሚጻፈው እንደ ጸሐፊው ነው። ከላይ ያለው ሠራተኛ የማሽን ደረሰኝ ቢያመጣ ኖሮ ላዩ ላይ 11/12/2025 ይል ነበር። ቅጹ ላይ የጻፈው 2/4/2018 ነው። ሁለቱ አንድ ቀን ናቸው፤ አዲስ የተቀጠረ የሂሳብ ልጅ ግን ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ዓመቱ በሁለት አሃዝ ከተጻፈማ ጨርሶ አይለይም። 5/4/18 ታኅሣሥ 5 ነው ወይስ እንደ አውሮፓውያን ኤፕሪል 5?

መፍትሔው የወሩን ስም በፊደል መጻፍና ሁለቱንም አቆጣጠር ማስቀመጥ ነው። «ከረቡዕ ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን ዲሴምበር 10 ቀን 2025) ጀምሮ።» የሳምንቱን ቀን መጨመር ትርፍ ይመስላል። ግን ቀኑ በስህተት ተገልብጦ ከሆነ መጀመሪያ የሚያጋልጠው እሱ ነው።

አንድ ጥንቃቄ። ያለፈውን ሰርኩላር እየገለበጡ መሥራት እዚህ ላይ ያሳስታል። ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት የሚገባው ዓመት በአንድ ቀን ይንሸራተታል። ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዲሴምበር 10 ላይ ዋለ። ታኅሣሥ 1 ቀን 2016 ግን ዲሴምበር 11 ነበር። በ2020ም እንደዚያው ይሆናል። ለአንድ ቀን ልዩነት ምን ይደረጋል አትበሉ፤ ድንበሩ ላይ ያለው ደረሰኝ ሁልጊዜ የአንድ ሰው ደረሰኝ ነው።

መነሻ ቀኑን ለመምረጥስ? «ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ» የሚለውን እኔ አልወደውም። ሰርኩላሩ ሲፈረም መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁልጊዜ አለ። ማስረጃን የሚያጠብቅ ደንብ ከሆነ የወሩ የመጀመሪያ ቀን ይሁንና ሰርኩላሩ ከሦስት ሳምንት በፊት ይውጣ። የቀን ጣሪያን ወይም አበልን የሚቀይር፣ በጀት የሚነካ ከሆነ ደግሞ ሐምሌ 1ን መጠበቅ ይሻላል፤ የበጀት ዓመታቸው ያኔ ለሚጀምር ድርጅቶች ሂሳቡ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ዋጋ አይኖረውም። ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሠራ ደንብ ሠራተኛውን የሚጠቅም ካልሆነ አትጻፉ።

ማስረጃ፦ በብር መጠን ወይስ በወጪ ዓይነት?

አንዳንድ ድርጅት «ከ500 ብር በላይ ለሆነ ወጪ ሁሉ ደረሰኝ ያስፈልጋል» ይላል። ለመጻፍም ለማስታወስም ይቀላል። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ወጪው ከዚያ በታች ተከፋፍሎ ይመጣል። የ900 ብር ዕቃ የ450 ሁለት ወረቀት ሆኖ ብቅ ይላል። በሌላ በኩል 600 ብር የጠየቀ የጭነት አውራጅ ደረሰኝ ከየት ያመጣል? እውነተኛው ወጪ ወድቆ የተፈበረከው ያልፋል።

ሌላው መንገድ ወጪን በዓይነቱ መለየት ነው። ደረሰኝ መስጠት ያለበት ሻጭ ይታወቃል፦ ሆቴል፣ ነዳጅ ማደያ፣ መለዋወጫ ሱቅ፣ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር። ከእነዚህ የተገዛ ከሆነ መጠኑ ምንም ይሁን ደረሰኝ ይቅረብ። ደረሰኝ የማይሰጠውም ይታወቃል፦ ባጃጅ፣ ሸካሚ፣ የመኪና ጠባቂ። ለእነሱ የቀን ጣሪያና ቅጽ ይኑር። እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ። ሰርኩላሩ በጥቂት መስመር ይረዝማል፣ በር ላይ የሚቆመው ሰልፍ ግን ያጥራል።

«ደረሰኝ» ሲባል ግን ሁሉም አንድ ነገር አይረዳም። ሆቴል ብዙ ጊዜ ሁለት ወረቀት ይሰጣል። አንዱ ትልቅ፣ በኮምፒውተር የወጣ፣ አታችመንት የምንለው ነው። ሌላው ከማሽኑ የምትወጣው ትንሿ ወረቀት ናት። ሠራተኛው ትልቁን በክብር አጥፎ ይይዛል፣ ትንሿን ይጥላታል። ደረሰኙ ግን ትንሿ ናት፤ የኤፍኤስ ቁጥር ያለባት እሷ ናት። ትልቁ ለብቻው ለግብር ማስረጃ አይሆንም። ፕሮፎርማም እንደዚያው፣ የዋጋ ማቅረቢያ እንጂ የክፍያ ማረጋገጫ አይደለም። ሰርኩላሩ ላይ «ሁለቱም ተያይዘው ይቅረቡ» ብላችሁ ጻፉ፤ በቃል ማስረዳቱን ይተካላችኋል።

ቴሌብርስ? ሠራተኞች የክፍያውን መልእክት አሳይተው ይበቃል ይላሉ። መልእክቱ የሚያረጋግጠው ገንዘብ ከዚህ ወደዚያ መሄዱን ነው። ምን እንደተገዛ አይናገርም። ስለዚህ ለሆቴልና ለመለዋወጫ ከደረሰኝ ጋር ተያያዥ ነው እንጂ ምትኩ አይደለም። ለባጃጅና ለሸካሚ ግን ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ መጠኑና የተቀባዩ ስም ስላለበት ሠራተኛው በእጁ ከሚሞላው ቅጽ በጣም ይሻላል። እንዲያውም ጣሪያውን ለሁለት ከፍሎ፣ በቴሌብር ለከፈለ ከፍ፣ በእጅ ለከፈለ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። አንድ ቦታ ሠርቶ አይቻለሁ፤ ሰዉ ሳይገደድ ወደ ስልኩ ዞረ።

አሁን ወደ ሙቀታችን ልምጣ። የማሽን ደረሰኝ ቀለም የለውም። ወረቀቱ ራሱ በሙቀት የሚጠቁር ነው፣ ማሽኑ የሚጽፈው በሙቀት ነው። ሾፌሩ ዳሽቦርድ ላይ ጥሎት ከሽንሌ መንገድ እስኪመለስ የድሬ ፀሐይ ሙሉውን ያጠቁረዋል። በፕላስቲክ ከረጢት ወይም በላብ በረጠበ ኪስ የከረመው ደግሞ ይደበዝዝና ባዶ ወረቀት ይሆናል። ሁለቱንም ዓይነት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀብያለሁ። ታዲያ ሰውዬው ዋሸ? አልዋሸም። ሰርኩላሩ ላይ «ደረሰኙ በተቀበሉበት ቀን በስልክ ፎቶ ተነስቶ ለሂሳብ ክፍል ይላክ፤ ዋናው ወረቀት በኋላ ይቅረብ» የሚል መስመር ካለ፣ ጠቁሮ የመጣውን ወረቀት ከፎቶው ጋር ማያያዝ ይቻላል። ፎቶው ዋናውን አይተካም። ግን ቁጥሩ ስላለ ከሻጩ ጋር ማመሳከር ይቻላል።

ጅቡቲ ድረስ የሚነዱ ሾፌሮች ካሏችሁ፣ የፍራንክ ደረሰኝና የምንዛሪ ቀን የሚባል ሌላ ታሪክ አለ። በዚህ ሰርኩላር ውስጥ አትቀላቅሉት። የራሱ አባሪ ይውጣለት።

ልዩ ሁኔታ፦ በሩን ምን ያህል እንክፈተው?

የመጀመሪያው ዓይነት እንዲህ ይላል፦ «ልዩ ሁኔታ ሲያጋጥም ሥራ አስኪያጁ ሲያምንበት ሊፈቅድ ይችላል።» ሁሉም ሰርኩላር ላይ አለ። ለጸሐፊው ምቹ ነው፣ ምንም ማሰብ አይጠይቅም። ውጤቱ ግን ያ ሰልፍ ከሂሳብ ክፍል ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ መዛወሩ ነው። ከዚያም ለሥራ አስኪያጁ የሚቀርበው ሁልጊዜ ልዩ ሁኔታ ያጋጥመዋል፣ ዓይን አፋሩ ሾፌር ግን ከኪሱ ከፍሎ ዝም ይላል። ወርያ፣ ይሄ ደንብ ነው ዝምድና?

ሁለተኛው ዝግ ዝርዝር ነው፦ «ከሚከተሉት ውጪ ልዩ ሁኔታ የለም።» ንጹሕ ነው። ግን መንገድ ዝርዝር አያነብም። ደንገጎ ዳገት ላይ ማታ ጎማው የፈነዳበት ሾፌር ያገኘው ጎሚስታ ካሽ ሬጅስተር የለውም። ዝርዝሩ ላይ «ጎማ ጥገና» ካልተጻፈ፣ ሾፌሩ ወይ ከኪሱ ይከፍላል፣ ወይ በማግስቱ ከተማ ገብቶ ላልተሠራ ሥራ ደረሰኝ ያጽፋል። ሁለተኛው ለድርጅቱም አደገኛ ነው፤ በኦዲት ጊዜ ሐሰተኛ ደረሰኝ ከደረሰኝ እጦት ይከፋል።

እኔ የምመርጠው መሃሉን ነው። ዕቃዎቹን ሳይሆን ሁኔታዎቹን ዘርዝሩ። ሦስት ይበቃሉ። አንደኛ፣ በአካባቢው ደረሰኝ የሚሰጥ ሻጭ ያልነበረ እንደሆነ። ሁለተኛ፣ ተሽከርካሪ ወይም ዕቃ ድንገት ተበላሽቶ ሥራው የሚቆም እንደሆነ። ሦስተኛ፣ ደረሰኝ ተሰጥቶ የጠፋ ወይም የማይነበብ እንደሆነ። ለሦስተኛው ሠራተኛው መጀመሪያ ከሻጩ በማኅተም የተረጋገጠ ቅጂ ይጠይቅ፤ ካጣ ብቻ በቅጽ ያመልክት፣ በዓመት ከሁለት ጊዜ ባይበልጥ።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ጣሪያና ፈራሚ ስጡ። እስከ 1,000 ብር የቅርብ ኃላፊ፣ እስከ 3,000 የፋይናንስ ኃላፊ፣ ከዚያ በላይ ሥራ አስኪያጁ። ቁጥሮቹ የኔ ምሳሌ ናቸው፤ ከድርጅታችሁ አቅም ጋር አስተካክሏቸው። የማይቀየረው ግን ፈራሚው በሥራ መደቡ መጠቀሱና ምክንያቱ በጽሑፍ መያዙ ነው። ፈራሚው ራሱ ከተጓዘ ደግሞ የራሱን አይፈርም።

ፈራሚዎቹ አንድ ነገር ቢያውቁ ደስ ይለኛል። የንግድ ትርፍ ግብር ለድርጅት 30 በመቶ ነው። ማስረጃ የሌለው ወጪ ከትርፍ ላይ አይቀነስም። ስለዚህ ደንገጎ ላይ ያለደረሰኝ የተከፈለው 2,000 ብር፣ ድርጅቱ ትርፋማ ከሆነ፣ 600 ብር ተጨማሪ ግብር ይዞ ይመጣል። እውነተኛ ዋጋው 2,600 ነው። ይህ ማለት ሾፌሩ አይከፈለው ማለት አይደለም። ይከፈለው፤ ድርጅቱ ግን ምን እየፈቀደ እንደሆነ ይወቅ። ልዩ ሁኔታዎችን በተለየ የሂሳብ መደብ የምትይዝ ሂሳብ ሹም ካለቻችሁ በወሩ መጨረሻ ድምሩን ታሳያችኋለች። አንድ መንገድ ላይ ደጋግሞ ከመጣ ልዩ ሁኔታ መሆኑ ቀርቷል፣ በዋናው ደንብ ውስጥ ግባ በሉት።

አንድ ላይ ሲጻፍ

ከላይ የመረጥኳቸውን ይዤ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

ጉዳዩ፦ የወጪ ማስመለሻ አሠራር መለወጡን ስለማሳወቅ

1. ይህ አሠራር ከረቡዕ ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን ዲሴምበር 10 ቀን 2025) ጀምሮ በሚነሱ ጉዞዎች እና ከዚሁ ቀን ጀምሮ በሚፈጸሙ ሌሎች ግዢዎች ላይ ይሠራል።
2. ከዚህ ቀን በፊት ለተጀመረ ጉዞ የቀድሞው አሠራር ይሠራል። ሆኖም ከታኅሣሥ 15 ቀን 2018 በኋላ የወጣ ወጪ በአዲሱ ይታያል። በቀድሞው አሠራር የሚቀርብ ጥያቄ እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን 2018 ብቻ ይስተናገዳል።
3. ለሆቴል፣ ለነዳጅ፣ ለመለዋወጫና ለጽሕፈት መሣሪያ የድርጅቱ ስምና ቲን ቁጥር ያለበት የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ይቅረብ። አታችመንት ካለ አብሮ ይያያዝ። ደረሰኙ በተገኘበት ቀን በስልክ ፎቶ ተነስቶ ይላክ።
4. ለባጃጅ፣ ለሸካሚና ለመኪና ጥበቃ በቀን እስከ 150 ብር በቅጽ፣ በቴሌብር ለተከፈለ እስከ 250 ብር ከመልእክቱ ቅጂ ጋር ይተካል።
5. ደረሰኝ የሚሰጥ ሻጭ ባልነበረበት ቦታ፣ ድንገተኛ ብልሽት ሲያጋጥም፣ ወይም ደረሰኝ ጠፍቶ ቅጂ ሲታጣ፣ ምክንያቱ በቅጽ ተገልጾ እስከ 1,000 ብር በቅርብ ኃላፊ፣ እስከ 3,000 በፋይናንስ ኃላፊ፣ ከዚያ በላይ በሥራ አስኪያጅ ይፈቀዳል።
6. ጥያቄው ከጉዞ መልስ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ይቅረብ።

ስድስት ቁጥር፣ አንድ ገጽ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ያልተወራረደ ቅድሚያ ክፍያ ከደመወዝ ይቆረጣል» የሚል ሰባተኛ ይጨምራል። ተጠንቀቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከደመወዝ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ነው፤ በአንድ ጊዜም ከወር ደመወዙ ከሲሶው አይበልጥም። ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ሰርኩላር ብቻውን የጽሑፍ ስምምነት አይደለም። ቅድሚያ ክፍያ ሲሰጥ በሚፈረመው ወረቀት ላይ ስምምነቱን ማካተት ይቀላል።

የቀረው ማድረስ ነው። ሰሌዳ ቢሮ ላለው ሰው ነው። ቴሌግራም ፈጣን ነው፣ ግን «አላየሁም» ለሚል ሰው መልስ የለውም። የፊርማ ዝርዝር አሰልቺ ቢሆንም በኋላ የሚያከራክረውን ይቆርጣል። ደንቡ ገንዘብ የሚከለክል ከሆነ ፊርማውን አትዝለሉ። ለሾፌሮች ደግሞ ስምሪት ወረቀት ሲወስዱ፣ በኦሮምኛም በሶማልኛም፣ በቃል ተነግሯቸው ይፈርሙ። የስምሪት ክፍሉ ልጅ ጉዞው የተነሳበትን ቀን የሚጽፈውም እዚያው ወረቀት ላይ ነው። ቁጥር 1 ላይ ክርክር ቢነሳ ሂሳብ ክፍል የሚያየው እሱኑ ነውና፣ የስምሪት ወረቀቱ ቅጂ ከወጪ ቅጹ ጋር ይያያዝ።